ስድስት ሜትሩ የየትኛው ጎን ነው?

ከደብተር ገጽ ላይ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው። በግራ በኩል ረጅም ቁም መስመር አለ፤ አናቱ ላይ ጨረር የምትረጭ ትንሽ ክብ ተሥላለች፤ የመንገድ መብራት መሆኑ ነው። ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ በአምስት ጭረት የተሠራ ሰው ቆሟል። ከአምፖሉ የተነሳ ሰያፍ መስመር የሰውየውን ራስ ነክቶ ያልፍና መሬት ላይ ያርፋል። ከእግሩ እስከዚያ ድረስ ያለው በእርሳስ ጠቆር ተደርጓል፤ ጥላው ነው። ሰውየው አጠገብ «1.6 ሜ»፣ ጥላው ሥር «2 ሜ»፣ ከመሬቱ መስመር በታች «6 ሜ»፣ ምሰሶው ጎን ደግሞ የጥያቄ ምልክት ተጽፏል። ከፎቶው ጋር የመጣው መልእክት አጭር ነው፦ «የምሰሶው ቁመት ስንት ነው? እኔ 4.8 ሜትር አገኘሁ፤ የመጽሐፉ መልስ ግን 6.4 ይላል።»

የሒሳብ ትምህርት የሚያስጠና ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ በየጊዜው ይደርሰዋል። ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ ምሰሶው አንዳንዴ ዛፍ ወይም ግንብ ይሆናል፤ ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ልጁ የሠራውን መገመት ይቻላል። 6ን ለ2 አካፈለ፣ 3 አገኘ፤ 3ን በ1.6 አባዛ፣ 4.8 ሆነለት። ማካፈሉም ማባዛቱም ትክክል ነው። የተሳሳተው ከማካፈሉ በፊት፣ የትኛው ጎን ከየትኛው ጋር እንደሚወዳደር በመረጠበት ቅጽበት ነው። ይህ ምርጫ ደግሞ በደብተሩ ላይ የትም አልተጻፈም፤ ቁጥሮቹን እንዳየ በልቡ ወስኖ አልፎታል።

ለምን 6 እና 2ን መረጠ? በሥዕሉ ላይ ከመሬቱ መስመር ጋር የተጻፉት ቁጥሮች እነዚያ ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ነው። ከቁም መስመሮቹ አንዱ 1.6፣ ሌላው የጥያቄ ምልክት። ሁለት ቁም፣ ሁለት አግድም፤ ወደሩ ራሱን የሠራ ይመስላል። ነገር ግን ወደር የሚሠራው በሦስት ማዕዘን ጎኖች መካከል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ሳይሆን ሦስት ማዕዘኖቹ የትኞቹ እንደሆኑ ነው።

በሥዕሉ ማዕዘኖች ላይ ፊደል እናስቀምጥ። አምፖሉ ሀ፣ የምሰሶው ሥር ለ፣ የሰውየው ራስ መ፣ እግሩ ሠ፣ የጥላው ጫፍ ሐ ይሁኑ። አሁን በጣት እየተከተሉ ማንበብ ይቻላል። ትንሹ ሦስት ማዕዘን መሠሐ ነው፦ ከራስ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ጥላው ጫፍ፣ ከጫፉ ተመልሶ ወደ ራስ። ትልቁ ሀለሐ ነው፦ ከአምፖሉ ወደ ምሰሶው ሥር፣ ከሥሩ በመሬቱ ላይ እስከ ጥላው ጫፍ፣ ከዚያ ሰያፉን ይዞ ወደ አምፖሉ። የትልቁ ሦስት ማዕዘን መሬት ሰውየው እግር ሥር አይቆምም። እግሩን አልፎ፣ ጥላውንም ጨምሮ፣ እስከ ሐ ይሄዳል። 6 ሜትሩ ግን ከምሰሶው እስከ ሰውየው ያለው ርቀት፣ ማለትም ለሠ ነው። እሱ የትንሹም የትልቁም ጎን አይደለም፤ የትልቁ ጎን ቁራጭ ነው።

እነዚህ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ለምን ምስስል ይሆናሉ? ምስስል ሲባል ቅርጻቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው ብቻ የሚለያይ ማለት ነው፤ ይህም የሚረጋገጠው በማዕዘኖቻቸው ነው። ምሰሶውም ሰውየውም መሬቱ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ስለዚህ ለ ላይ ያለው ማዕዘንና ሠ ላይ ያለው ማዕዘን እኩል ናቸው። ሐ ላይ ያለው ማዕዘን ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጦ ያንኑ ጫፍ ይጋራል። ሁለት ማዕዘን እኩል ከሆነ ሦስተኛውም እኩል ከመሆን አይዘልም። መሬቱ ተዳፋት ቢሆን እንኳ፣ ተዳፋቱ ወጥ ከሆነና ሁለቱም ቀጥ ብለው ከቆሙ ነገሩ አይለወጥም። የሚያበላሸው ከሁለቱ አንዱ ያዘነበለ ወይም ጥላው መንገድ ላይ ተሰብሮ በአጥር ላይ የወጣ እንደሆነ ነው።

ማዕዘኖቹ ከታወቁ ማዛመዱ ግምት አያስፈልገውም። ተጓዳኝ የሚባሉት ጎኖች ከእኩል ማዕዘኖች ፊት ለፊት የሚገኙት ናቸው። ከሐ ፊት ለፊት በትንሹ የሰውየው ቁመት አለ፤ በትልቁ የምሰሶው ቁመት። እነዚህ ጥንድ ናቸው። ከአናት ማዕዘኑ ፊት ለፊት በትንሹ ጥላው አለ፤ በትልቁ ደግሞ ከምሰሶው ሥር እስከ ጥላው ጫፍ ያለው መሬት በሙሉ። እነዚህም ጥንድ ናቸው። ቁጥር ከመግባቱ በፊት ደብተሩ ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው፤ በቃላት፣ አንዱ ከሌላው በታች፦

የሰውየው ቁመት ↔ የምሰሶው ቁመት
ጥላው ↔ ጥላውና ርቀቱ አንድ ላይ

ከዚህ በኋላ ቁጥሩ ቦታውን ያገኛል። ጥላውና ርቀቱ አንድ ላይ 2 + 6 = 8 ሜትር ነው። የምሰሶውን ቁመት ቁ ብንለው፦

ቁ ÷ 1.6 = 8 ÷ 2
ቁ = 4 × 1.6 = 6.4

ልጁ ያገኘው 4.8 ግን ከየትም የመጣ ቁጥር አይደለም። ከሰውየው ራስ ወደ ምሰሶው አግድም መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ አዲስ ሦስት ማዕዘን ይፈጠራል፤ መሠረቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ ምሰሶው ከሰውየው ራስ በላይ የሚበልጥበት ያህል። ይህ ሦስት ማዕዘን ከትንሹ ጋር ምስስል ነው፤ 6ም የ2 እውነተኛ ተጓዳኝ የሚሆነው እዚህ ነው። 6 ÷ 2 = 3፣ 3 × 1.6 = 4.8። ስለዚህ 4.8 ሜትር ምሰሶው ከሰውየው በላይ ያለው ክፍል ነው፤ የሰውየውን 1.6 ሲደምሩበት 6.4 ይሆናል። ልጁ ትክክለኛ ወደር ሠርቷል፤ የሌላ ሦስት ማዕዘን ወደር መሆኑን ግን አላወቀም። ይህን የሚያሳየው አስተማሪ ቢያገኝ «ተሳስተሃል» ከሚለው ቀይ ምልክት ይልቅ ብዙ ይማርበታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ፤ እዚያ ሌላ ችግር አለ። «6 ሜ» የሚለው ጽሑፍ ከመሬቱ መስመር በታች ተንሳፎ ተቀምጧል። ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት የለውም። ከለ እስከ ሠ ነው ወይስ ከለ እስከ ሐ? ፎቶው ብቻውን አይናገርም። ሁለተኛው ንባብ ትክክል ቢሆን፣ ማለትም 6 ሜትር ከምሰሶው እስከ ጥላው ጫፍ ያለው ጠቅላላ ርቀት ቢሆን፣ መልሱ 1.6 × 3 = 4.8 ሜትር ይሆን ነበር። ልጁ የጻፈው ቁጥር ለዚያኛው ጥያቄ ፍጹም ትክክል ነው። አንድ ሥዕል፣ ያው ቁጥሮች፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች፤ ልዩነቱ የአንዲት ቀስት ጫፍ የት እንደሚያርፍ ብቻ ነው። ይህን የሚወስነው የጥያቄው ጽሑፍ ነው። «ከምሰሶው 6 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው» ካለ እስከ እግሩ ነው። «የጥላው ጫፍ ከምሰሶው 6 ሜትር ይርቃል» ካለ እስከ ጫፉ ነው። ተማሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ብቻ አንስተው ይልካሉ፤ ጽሑፉ ከፎቶው ውጭ ይቀራል።

ፎቶ ሌላም ነገር ያበላሻል። ስልኩ በደብተሩ ላይ ቀጥ ብሎ ካልተያዘ፣ ለካሜራው የቀረበው የገጹ ክፍል ይረዝማል፣ የራቀው ያጥራል፤ ቀጥ ያለው ማዕዘን ይጣመማል፤ ምሰሶውና ሰውየው ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ተሥለው ሳለ በፎቶው ላይ ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይታያሉ። ከዚያም በላይ ሥዕሉ ራሱ በልኬት አልተሠራም። በዚህ ፎቶ ላይ ምሰሶው የሰውየውን እጥፍ ብቻ ያህላል፤ እውነቱ ግን 4 እጥፍ ነው። በዓይን የፈረደ ሰው «3 ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል» ብሎ 6.4ን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ከሥዕሉ ላይ የሚወሰደው ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ፣ የትኛው ማዕዘን ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነና የትኛው ቁጥር የየትኛው ጎን እንደሆነ ብቻ ነው። ርዝመት በማስመሪያ ከፎቶ ላይ አይለካም።

የሚበጀው ሥዕሉን እንደገና መሥራት ነው። ትንሹን ሦስት ማዕዘን ከትልቁ ውስጥ አውጥቶ ለብቻው መሣል፤ ትልቁንም ከጎኑ፣ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ዞረው፣ ቀጥ ያለው ማዕዘን በአንድ ወገን ሆኖ። ከዚያ በእያንዳንዱ ጎን ላይ ቁጥሩን መጻፍ። ይህን ያደረገ ተማሪ የትልቁን መሠረት ሊሞላ ሲል እርሳሱ ይቆማል። «እዚህ 6 ልጻፍ?» ሲል የጥላው ጫፍም በዚሁ ጎን ላይ እንዳለ ያያል። ተደራርቦ የተሣለው ሥዕል የሚደብቀውን ነጥሎ መሣል ያወጣዋል።

መልስ ከተገኘ በኋላ ትክክል መሆኑን ለማወቅ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ መጠበቅ አያስፈልግም። 4.8ን ወደ ጥያቄው መልሰን እናስገባው። አምፖሉ በ4.8 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሰቀልና 1.6 ሜትር የሆነ ሰው 6 ሜትር ርቆ ቢቆም ጥላው ስንት ይሆናል? ምሰሶው የሰውየው 3 እጥፍ ስለሆነ ጠቅላላው መሬትም የጥላው 3 እጥፍ መሆን አለበት፤ ከሦስቱ እጅ አንዱ ጥላ፣ ሁለቱ እጅ 6 ሜትር። ስለዚህ ጥላው 3 ሜትር ይወጣል። ጥያቄው 2 ሜትር ብሎናል፤ አልገጠመም። በ6.4 ሲሞከር ምሰሶው 4 እጥፍ ነው፤ ከአራቱ እጅ ሦስቱ 6 ሜትር፣ አንዱ 2 ሜትር። ገጠመ።

ሌላው የተለመደ ስህተት ጥንዶቹ ታውቀው ሲያበቁ ወደሩ ውስጥ ሲገለባበጡ የሚመጣው ነው። 1.6 ÷ 2 = 8 ÷ ቁ ብሎ የጻፈ ሰው 10 ሜትር ያገኛል። በአንድ በኩል ቁመትን ለመሬት አካፍሎ በሌላው በኩል መሬትን ለቁመት አካፈለ ማለት ነው። ይህ በቀላሉ ይያዛል። ቁመትን ለመሬት ስናካፍል የሰያፉ መስመር አቀበትነት ይገኛል፤ ሰያፉ ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ አቀበትነቱ በሁለቱም ሦስት ማዕዘን አንድ መሆን አለበት። በሰውየው በኩል 1.6 ÷ 2 = 0.8። በ6.4 ሜትሩ ምሰሶ በኩል 6.4 ÷ 8 = 0.8። በ10 ሜትሩ በኩል ግን 10 ÷ 8 = 1.25 ይወጣል፤ መስመሩ ሰውየው ራስ ላይ ሲደርስ ተሰብሯል ማለት ነው፤ ብርሃን ደግሞ እንዲያ አይሄድም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ አምፖል ነው። በፀሐይ ጊዜ ሥዕሉ ይለወጣል፤ ተማሪዎችን የሚያደናግረውም ሁለቱ በአንድ ገጽ ተከታትለው መምጣታቸው ነው። የአምፖል ብርሃን ከአንድ ነጥብ ተነስቶ ይበተናል። ፀሐይ ግን እጅግ ሩቅ ስለሆነች በአንድ ግቢ ውስጥ የሚደርሱት ጨረሮቿ ጎን ለጎን ተመሳሳይ አቅጣጫ ይዘው የሚወርዱ ናቸው። ስለዚህ አንድ ባሕር ዛፍና አጠገቡ የተተከለ ዘንግ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጥላ፣ የራሳቸው ሦስት ማዕዘን አላቸው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ አይገባም። የዛፉ ጥላ 9 ሜትር፣ የ1 ሜትር ዘንግ ጥላ 75 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዛፉ 9 ÷ 0.75 = 12 ሜትር ነው፤ የሚደመር ነገር የለም። ጥያቄው «ዘንጉ ከዛፉ 6 ሜትር ይርቃል» ብሎ ቢጨምር እንኳ ያ ቁጥር የየትኛውም ሦስት ማዕዘን ጎን አይደለም። በአምፖሉ ጥያቄ ያለ ርቀቱ መልስ አይገኝም፤ በፀሐዩ ጥያቄ ርቀቱ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ 6ን መደመርም መጣልም ዕውር ግምት ነው።

ከጥንት ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ስሙ የሚነሳው የሚሊጢኑ ታሌስ ነው። የፈላስፎችን ሕይወት የጻፈው ዲዮጀነስ ላኤርቲየስ እንዳቆየልን፣ ታሌስ የግብፅን ፒራሚዶች ቁመት የለካው የሰው ጥላ ከሰው ቁመት ጋር እኩል የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቆ ነው። በዚያ ሰዓት የፒራሚዱም ጥላ ከቁመቱ እኩል ነው ማለት ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ይኸው የጎን ጥያቄ እዚህም ይጠብቃል። የጊዛ ታላቁ ፒራሚድ ሲሠራ ቁመቱ 147 ሜትር ገደማ፣ የመሠረቱ አንድ ጎን 230 ሜትር ገደማ ነበር። ቁመት የሚለካው ከጫፉ በቀጥታ ወደ መሠረቱ መሃል ነው፤ ስለዚህ የሦስት ማዕዘኑ መሬትም ከመሃል ይጀምራል። ያ መሃል ግን በድንጋይ ውስጥ የተቀበረ ነው።

የፒራሚዱ ጎኖች ወደ አራቱ ማዕዘነ ዓለም ስለዞሩ እኩለ ቀን ላይ ጥላው በቀጥታ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ጊዛ ላይ እኩለ ቀን የሰው ጥላ ከቁመቱ ጋር እኩል የሚሆነው በእኛ አቆጣጠር በጥቅምትና በጥር ወር መጨረሻ አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ከፒራሚዱ ግርጌ ወጥቶ መሬት ላይ የሚታየው ጥላ 32 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ለክቶ «ጥላውና ቁመቱ እኩል ናቸውና ፒራሚዱ 32 ሜትር ነው» የሚል ሰው ከደብተሩ ልጅ ጋር አንድ ስህተት ሠርቷል፤ የጎኑን ቁራጭ እንደ ሙሉ ጎን ቆጥሯል። የመሠረቱን ግማሽ፣ 115 ሜትር፣ ሲጨምርበት 147 ይመጣል። ታሌስ ይህን በምን መልክ እንዳደረገው ዲዮጀነስ አልጻፈም፤ ፒራሚዱን በዚህ መንገድ የለካ ሰው ግን ያንን ግማሽ ሳይጨምር ሊያልፍ አይችልም።

በግቢያቸው ያለ ዛፍ በዚህ ዘዴ መለካት ለሚፈልጉ ሁለት ነገር ልጨምር። ሁለቱ ጥላዎች በአንድ ጊዜ መለካት አለባቸው። በእኛ አገር ፀሐይ ጠዋት ሽቅብ በፍጥነት ትወጣለች፤ ጥላና ቁመት እኩል በሚሆኑበት ሰዓት አካባቢ የ12 ሜትር ዛፍ ጥላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ አንድ ሜትር ያህል ሊያጥር ይችላል። ዘንጉን ለክቶ ሜትር ፍለጋ ወደ ቤት የገባ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው የሌላ ሰዓት ጥላ ነው፤ ማዕዘኖቹም ከእንግዲህ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው የጥላው ጫፍ ነው። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ስፋት ያላት ስለሆነች ጫፉ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ በ12 ሜትር ዛፍ ላይ ድብዝዙ ቦታ ከ20 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የድብዝዙን መሃል መያዝ ይሻላል፤ መልሱንም በሳንቲ ሜትር ደረጃ አምኖ አለመጻፍ።

ለተማሪዎችና ለወላጆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የጥላ ጥያቄ ፎቶ ስትልኩ የጥያቄውን ጽሑፍ ከነሙሉ ዐረፍተ ነገሩ አብራችሁ አንሱ። በሥዕሉ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት አድርጉ፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ይታይ። ከወደሩ በፊት ያሉትን ሁለት የጥንድ መስመሮችም በቃላት ጻፉ። የሚረዳችሁ ሰው ስህተቱን የሚያገኘው እዚያ ነው።